የምሽት ለቅሶና የእንቅልፍ መታወክ፦ በምን ይለያሉ?



የ6 ሳምንት ሕፃን ይዛ ወደ ሐኪም የመጣችን እናት እናስብ። ሕፃኑ ደኅና ይጠባል፣ ክብደቱም ይጨምራል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ግን እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ ያለቅሳል። እናቲቱ «እንቅልፍ እንቢ አለው» ትላለች።

እንቅልፍ ያወከው ሕፃን ሲያቅፉት ወይም ሲያጠቡት ዝም ይላል፤ የሚያለቅሰው ሲያስተኙት ነው። ይህኛው ግን ታቅፎም፣ ጠብቶም አይተውም። ዋናው መለያ ይኸው ነው። ቀድሞ ኮሊክ የሚባለው በቀን ከ3 ሰዓት፣ በሳምንት ከ3 ቀን የሚበልጥ ለቅሶ ሲሆን ነበር፤ ዛሬ ግን ሐኪሞች ከሰዓቱ ይልቅ ለቅሶው ያለ ግልጽ ምክንያት መነሣቱንና በማባበል አለመቆሙን ያያሉ። ለቅሶው በ6ኛው ሳምንት ገደማ ይበረታል፤ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይበርዳል። በሌሊት መንቃት ግን ከዚያም በኋላ ሊቀጥል ይችላል።

ስለዚህ ለዚህ ሕፃን የአብሽ ውኃም ሆነ ስኳር መስጠት አይገባም፤ የእናቱ ጡት ይበቃዋል። እናቲቱ ትዕግሥቷ ሲያልቅ በጀርባው አስተኝታው ለጥቂት ደቂቃ ፈቀቅ ትበል፤ ሕፃንን መነቅነቅ አንጎሉን ይጎዳልና። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ አረንጓዴ ካስታወከ፣ ሰገራው ደም ካለበት ወይም መጥባት ከተወ ግን ኮሊክ ነው ብለን አንጠብቅ፤ በዚያው ሌሊት ሐኪም ይየው።