ከመምህር ቀን ስንጠይቅ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ቀን ቢሮ ውለን ማታ ዲግሪያችንን የምንማር አባላት ነን። ብዙዎቻችን በዲፕሎማ ሥራ ይዘን፣ ልጅ ወልደን፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ትምህርት የተመለስን ነን። ያነሣነው ጉዳይ ትንሽ ነው። አሳይመንት ወይም ተርም ፔፐር በቀኑ እንደማይደርስ ስናውቅ መምህሩን እንዴት እንጠይቅ? በየሴሚስተሩ ከመካከላችን አንዷ እዚህ ላይ ትደናቀፋለች።

አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው መልእክት ይህን ይመስላል፦ «መምህር፣ በጣም ይቅርታ፣ በእግዚአብሔር ይርዱኝ፣ እንደ ልጅዎ ይዩኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ በጣም ተጨናንቄአለሁ፣ ትንሽ ቀን ይጨምሩልኝ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ።» እስቲ በመምህሩ ቦታ ሆነን እናንብበው። የትኛው ኮርስ ነው? ምን ገጠማት? ሥራው ተጀምሯል ወይስ ገና ነው? «ትንሽ ቀን» ስንት ቀን ነው? አንዱም አልተመለሰም። መምህሩ ቢያዝን እንኳ እሺ የሚልበት ነገር አልተሰጠውም።

ይህን እዚሁ ማኅበራችን ውስጥ እናውቀዋለን። የብድር ኮሚቴያችን ፊት «እባካችሁ ታገሡኝ» ብላ የምታለቅስ አባልና «ገበያው ስለተዘጋ የዚህ ወር ክፍያ አልሞላልኝም፣ ግማሹ ይኸው፣ ቀሪውን በ15 እከፍላለሁ» የምትል አባል ቢቀርቡ ኮሚቴው ለሁለተኛዋ ወዲያው ይወስናል። የሚጻፍ ነገር ሰጥታዋለችና። መምህርም ደብተር የያዘ ሰው ነው።

በ2017 ሰኔ ላይ የአንዲት አባላችን ጉዳይ እንዴት እንደሄደ እንንገራችሁ፤ እሷም እንድናካፍል ፈቅዳለች። በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። የኮስት አካውንቲንግ ተርም ፔፐሯ የሚረከበው ዓርብ ሰኔ 27 ነበር። ማክሰኞ ሰኔ 17 ከመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ ደረሳት፤ ከሰኞ ሰኔ 23 እስከ ቅዳሜ ሰኔ 28 አዳማ ሄዳ የመጋዘን ቆጠራ እንድትሠራ። በሒሳብ ሥራ ላይ ያለን እንደምናውቀው የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነ ይህ ቆጠራ ለሌላ ጊዜ የሚባል አይደለም።

ያን ዕለት ማታ ስልኳን አንሥታ መጻፍ አልጀመረችም። መጀመሪያ የቀራትን ሥራ ቆጠረች። መረጃ ሰብስባለች፣ ሦስት ክፍል ጽፋለች፤ የቀረው የወጪ ስሌቱና ማጠቃለያው ነው። በእሷ ግምት 9 ሰዓት ይፈጃል። ቀጥላ ያላትን ጊዜ ቆጠረች። ከመሄዷ በፊት ያሉት ቀናት በሌሎች ሁለት ኮርሶች ፈተና ተይዘዋል፣ እሑድ ደግሞ ጉዞ ነው። ቅዳሜ ማታ ከአዳማ ትመለሳለች። እሑድ ሰኔ 29 ልጆቹን እናቷ ጋር ብትተው 4 ሰዓት ታገኛለች። ሰኞ ሰኔ 30 ሒሳብ መዝጊያ ስለሆነ ምንም የለም። ማክሰኞና ረቡዕ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ሐሙስ አንድ ሰዓት። በጠቅላላው 9። ሐሙስ ሐምሌ 3 ያልቃል ማለት ነው። መብራት ቢጠፋ ወይም ልጅ ቢያተኩሰው ብላ አንድ ቀን ጨመረችና ዓርብ ሐምሌ 4 አለች።

አሁንም አልጻፈችም። በማግስቱ በምሳ ሰዓት የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ጋ ደውላ መምህራን ግሬድ ለሬጅስትራር የሚያስገቡት መቼ እንደሆነ ጠየቀች። ሐምሌ 11 ነው አሏት። ይህች ጥያቄ ናት ብዙዎቻችን የምንዘላት። መምህሩ ቢራራልን እንኳ ግሬድ የሚያስገባበት ቀን በእጁ አይደለም። ሐምሌ 10 ብንለው የጠየቅነው ቀን ለእኛ ይበቃል፣ ለእሱ ግን ማረሚያ አያስቀርም። በሐምሌ 4 ግን አንድ ሳምንት ይተርፈዋል።

ከዚያ በኋላ ረቡዕ ሰኔ 18 በኢሜይል እንዲህ ጻፈች፦

«ጉዳዩ፦ የኮስት አካውንቲንግ ተርም ፔፐር ማስረከቢያ ቀን እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ መምህር፣

የማታው ክፍል የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎ ነኝ። ዓርብ ሰኔ 27 የሚረከበውን ተርም ፔፐር በዕለቱ ማድረስ አልችልም። መሥሪያ ቤቴ ከሰኔ 23 እስከ ሰኔ 28 አዳማ ለዓመት መዝጊያ ቆጠራ መድቦኛል። ደብዳቤው የደረሰኝ ትናንት ሲሆን ቅጂውን አያይዣለሁ። ከጉዞው በፊት ባሉት ቀናት በሁለት ኮርሶች ፈተና አለብኝ።

መረጃ ማሰባሰቡና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ተጠናቀዋል፤ የቀሩት የወጪ ስሌቱና ማጠቃለያው ናቸው። ሙሉውን ሥራ ዓርብ ሐምሌ 4፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 11፣ ከቀኑ በ11 ሰዓት በዲፓርትመንቱ ጽሕፈት ቤት እንዳስረክብ እንዲፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ።

ይህ የማይቻል ከሆነ ያለቀውን ክፍል እሑድ ሰኔ 22 ጠዋት፣ ከመሄዴ በፊት፣ በኢሜይል አስረክባለሁ። ውሳኔዎን እስከ ቅዳሜ ሰኔ 21 ቢያሳውቁኝ በዚያው መሠረት እዘጋጃለሁ።

ከአክብሮት ጋር»

ከሥር ስሟንና የመታወቂያ ቁጥሯን አደረገች። አለቀ።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ አይደርቅም?» እንደምትሉ እናውቃለን፤ እኛም መካከል ተከራክረንበታል። ግን ደብዳቤው «ውሳኔዎን» ይላል፣ «የተከበሩ» ይላል፣ «እንዲፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ» ይላል። የሐበሻ አክብሮት አንድም አልጎደለውም። የጎደለው ልመናው ብቻ ነው። በእናትዎ፣ በልጅዎ፣ በአምላክ ስም መጠየቅ መምህሩን እምቢ ቢል ጨካኝ፣ እሺ ቢል አድላዊ ያደርገዋል። ክፍሉ ውስጥ ስድሳ ተማሪ አለ። ሌላው ተማሪ «ለእሷ ለምን?» ቢለው «አለቀሰችብኝ» ሊል አይችልም፤ «የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አቀረበች» ግን ይላል።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፏን አስተውሉ። ብዙ ጊዜ የትምህርት ፕሮግራሙ የሚወጣው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እኛ የምናስበው በእኛ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «እስከ 12 ሰዓት» ሲባል አንዷ ማታ ሲመሽ፣ ሌላዋ እኩለ ሌሊት፣ ሌላዋ ደግሞ ቀትር ብላ ልትረዳው ትችላለች። «ከቀኑ በ11 ሰዓት» ሲባል ክርክር የለም።

ምክንያቷ በሦስት ዓረፍተ ነገር ማለቁንም ተመልከቱ። ምክንያት የሚለካው ከቀኑ ጋር በመያያዙ ነው። «ሥራ በዝቶብኛል» ለሁላችንም ዓመቱን ሙሉ እውነት ስለሆነ ለሰኔ 27 ምክንያት አይሆንም። ልጅ ታሞ ሆስፒታል ከተኛ የተኛበትን ቀን መጻፍ ይበቃል፤ የበሽታውን ዓይነት መዘርዘር አያስፈልግም። የሴት ሕመም ከሆነ ደግሞ «በሐኪም ትእዛዝ ለአምስት ቀን ዕረፍት ላይ ነኝ» ብሎ ወረቀቱን ማያያዝ ነው፤ ከዚያ በላይ ለመምህር የምናስረዳው ነገር የለም። ለቅሶ ከሆነ ማን እንደሞተብንና መቼ እንደምንመለስ እንጽፋለን። የሌለ ለቅሶ ግን አይጻፍ። መምህራን በሴሚስተር መጨረሻ አያቶች ምን ያህል እንደሚሞቱ ቆጥረው ይስቃሉ ሲባል ሰምተናል።

መልሱ ዓርብ መጣ። መምህሩ «እስከ ሐሙስ ሐምሌ 3 ከቀኑ 11 ሰዓት እቀበላለሁ፤ ከዚያ ካለፈ በየቀኑ ከ20ው 2 ነጥብ እቀንሳለሁ» አሉ። የጠየቀችውን ሙሉ በሙሉ አልሰጡም። እዚህ ላይ ነው ያቺ ለመብራትና ለልጅ ትኩሳት የተጨመረችው አንድ ቀን ያገለገለችው። የሐሙሷን አንድ ሰዓት ወደ ረቡዕ ማታ አዛወረችና በዚያው ዕለት «አመሰግናለሁ፣ ሐሙስ ሐምሌ 3 በ11 ሰዓት አስረክባለሁ» ብላ መለሰች። እንደገና ስለ ዓርቡ አልተከራከረችም። ይህ አጭር መልስ ቀላል አይምሰላችሁ፤ ስምምነቱ በጽሑፍ የሚገኘው እሱ ላይ ነው። መምህሩ ረስተው ነጥብ ቢቀንሱ የምታሳየው አላት። በኮሪደር ላይ «እሺ፣ ችግር የለም» ተብሎ የተሰጠ ፈቃድ ግን ለማንም አይታይም። በቃል ከተፈቀደልን ማታውኑ «ዛሬ በተነጋገርነው መሠረት» ብለን ቀኑን ጽፈን እንልካለን።

ይህ አካሄድ የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ። የቡድን ሥራ ከሆነ አንዷ ለብቻዋ ቀን አትጠይቅም፤ ቡድኑ ተስማምቶ፣ የሁሉም ስም ተጽፎ ነው የሚጠየቀው። በክፍል ተጠሪው በኩል ከተላከ ደግሞ ጥያቄው የክፍሉ ሁሉ ይሆናል፤ መምህሩም ለሁሉም ከመፍቀድ ለሁሉም መከልከል ይቀለዋል። የፈተና ቀን ብዙ ጊዜ በመምህሩ ብቻ የሚወሰን አይደለም፣ ወደ ዲፓርትመንቱ ነው የሚኬደው። ግሬድ የሚገባበት ቀን ካለፈ በኋላም የማራዘም ጉዳይ ቀርቶ የኢንኮምፕሊት ጉዳይ ይሆናል፤ እሱ ሌላ ቅጽና ሌላ ደንብ አለው። ኮርስ አውትላይኑ ላይ «የዘገየ ሥራ አንቀበልም» ተብሎ በግልጽ ከተጻፈ ደግሞ ጥያቄው እምቢ ሊባል እንደሚችል አውቀን፣ ያለቀውን ይዘን እንጠብቃለን። ለአንድ ሥራ ሁለተኛ ጊዜ ቀን መጠየቅ ግን የመጀመሪያውንም ያበላሻል። ስለዚህ ነው ሰዓቱን ቆጥረን፣ አንድ ቀን ጨምረን የምንጠይቀው።

አባላችን ሐሙስ በምሳ ሰዓት አሳትማ፣ በ9 ሰዓት ተኩል ጽሕፈት ቤቱ ደረሰች። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ ልታስቀምጠው ስትል መዝገቡ ላይ ቀንና ሰዓት ጽፋ እንድትፈርምላት ጠየቀቻት፤ ገጹንም በስልኳ ፎቶ አነሣችው። ጥያቄ ካላችሁ አሁን እንቀበላለን። የደብዳቤውን ቅጂ የምትፈልጉ ከገንዘብ ያዧ ጠረጴዛ ላይ ታገኛላችሁ።