ሲቪያችሁን በየፈርጁ

ቤሩት፣ ቨርደን ዙሪያ ያላችሁ እህቶች፣

ዛሬ ስለ ሲቪ ነው። ብዙ ሲቪ እንደ ደብዳቤ ይጻፋል፦ «መጀመሪያ አንድ ቤት ሠራሁ፤ ከዚያ…» እያለ ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ሲቪ ቅመሙ ሁሉ አንድ ዕቃ ውስጥ የተደባለቀበት ጓዳ ነው፤ ኮረሪማ የፈለገ ሁሉንም ይበረብራል።

ስለዚህ ለየብቻ እናድርገው፣ ስምም እንጻፍበት፦ የሥራ ልምድ፣ ትምህርት፣ ቋንቋ። የቅርቡ ሥራ ይቅደም። «የቤት ሠራተኛ፣ ቨርደን፣ ከሴፕቴምበር 2017 እስከ ጁን 2021።» ከሥሩ በነጥብ በነጥብ፦ ሕፃናት ተንከባከብኩ። ምግብ አበሰልኩ። ሁሉም በአንድ መልክ ይጻፍ፦ አንዱን «አበሰልኩ» ብላችሁ ሌላውን «ጽዳት» አትበሉ።

ቀኑ ላይ ግን አደራ! የእኛ መስከረም 2010 የገባው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 2017 ነው። ሁለቱ አቆጣጠር ከተደባለቀ ቀጣሪው ለዓመታት ሥራ የፈታችሁ ይመስለዋል። ሲቪያችሁን ዛሬውኑ አውጡና ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አስተካክሉት።