ዕዳን በለሰለሰ አንደበት ማስታወስ



በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት ደጋዎች፣ በሰኔ ለዘር ወይም ለማዳበሪያ የተወሰደ ብድር ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው እህሉ ተወቅቶ ገበያ ከወጣ በኋላ ነው። እስቲ አንድ ባለሱቅ ለጎረቤቱ 6000 ብር አበደረ፣ ቀጠሮውም ጥር 15 ነው እንበል። ቀኑ አለፈ፤ ጎረቤቱ ዝም አለ። ባለሱቁ መንገድ ላይ ሲያገኘው «አብሽር፣ ሲመችህ ታመጣዋለህ» ይለዋል። ይህን ሦስት ጊዜ ይለዋል። ተበዳሪው ከዚህ የሚረዳው ሰውየው ገንዘቡን እንዳልፈለገው ነው። በሚያዝያ ግን የሱቁ ዕቃ ያልቅበትና፣ ያው ባለሱቅ ገበያ መሐል «ገንዘቤን አምጣ!» ብሎ ይጮኻል። ጎረቤቱ ይደነግጣል፤ ቢደነግጥም አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ጥፋቱ መለሳለሱ አይደለም። ልስላሴው ከድምፁ አልፎ ብሩንና ቀኑን ማጥፋቱ ነው።

ቀጠሮው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው «ወንድምዓለም፣ ያቺ 6000 ብር ጥር 15 ናት፤ እንዴት ይሆንልሃል?» ማለት ወቀሳ የለበትም፤ ገና ያጠፋው ነገር የለምና። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ለብቻው ይነገረው። በልጆቹ ፊት፣ ለቅሶ ቤት ወይም ከጁሙዓ ሲወጣ አይሁን። «ልጄ ታሞብኝ ነው» የሚል የፈጠራ ሰበብም አያስፈልግም። ለማለስለስ ተብሎ የተነገረ ውሸት ያው ውሸት ነው፤ መብትን ለመጠየቅም ሰበብ አይሻም።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ኢብኑ አቢ ሐድረድን በመስጊድ ውስጥ ዕዳውን ጠየቀው፤ የሁለቱም ድምፅ ከፍ አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከቤታቸው ሰምተው፣ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ። ከዕብን ጠርተው ግማሹን እንዲተውለት በእጃቸው አመለከቱት። እሱም እሺ አለ። ያን ጊዜ ተበዳሪውን ተነስቶ እንዲከፍል አዘዙት። ልብ በሉ፤ ከዕብ ከሐቁ ቀነሰ፣ የቀረው ግን ለሌላ ጊዜ አልተቀጠረም።

ጎረቤትየው «አዝመራው ከዳኝ» ቢልና እውነት መሆኑ ቢታይ፣ ሱረቱል በቀራህ ቁጥር 280 እስኪቃናለት እንዲጠበቅ ያዛል። «እንግዲያው 2000 አሁን፣ 4000 ለመጪው ጥር» ተባብለው ይጻፉት። በመዘግየቱ አንድ ብር ቢጨመር ግን ሪባ ነው። እህሉን ሸጦ ቆርቆሮ የገዛ ከሆነስ? እያለው የሚያጓትት በዳይ መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል። ያን ጊዜም ድምፅ አይነሳ፤ ነገሩ ግን ይጥበቅ፦ «ገንዘቡ በእጅህ እንደገባ አውቃለሁ። እስከ ሐሙስ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ምስክራችንን ይዤ እመጣለሁ።» ይህን ካለ በኋላ በየቀኑ መመላለስ የለበትም። ሐሙስ ሲደርስ ምስክሩን ይዞ ይሂድ።