የከርሞው ብር በዛሬው ሲመነዘር

(ለማኅበሩ አባላት ኮምቦልቻ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮምቦልቻ ውስጥ 12 ነጋዴዎች እቁብ ገቡ እንበል። እያንዳንዱ በየወሩ 10,000 ብር ይጥላል፤ በወሩ የሚሰበሰበው 120,000 ብር ይሆናል። ዳኛው ዕጣ ያስወጣል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል፤ ዕጣው የወጣለትም ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይወስዳል። ዓመቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ አባል 120,000 ብር ጥሎ 120,000 ብር ወስዷል። በጸሐፊው መዝገብ ላይ ያተረፈም የከሰረም የለም። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ወር የደረሰውና እስከ አሥራ ሁለተኛው ወር የጠበቀው ሰው እኩል ናቸው ብሎ የሚያምን እቁብተኛ አይገኝም። የመዝገቡ ቁጥርና የነጋዴው ስሜት ሲለያዩ፣ ትክክለኛው የነጋዴው ስሜት ነው። መዝገቡ ብሩን እንጂ ቀኑን አልቆጠረምና።

ልዩነቱ ከየት መጣ ሲባል ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ የዋጋ ንረት የሚል ነው። የዋጋ ንረት ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አይፈጥረውም። የገበያ ዋጋ ዓመቱን ሙሉ ባይነቃነቅ እንኳ፣ በመስከረም ገንዘብ የያዘ ሰው ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዶ ከብት ሊገዛ፣ ሸጦም ያንኑ ገንዘብ እንደገና ሊያዞረው ይችላል። ገንዘቡን በነሐሴ የሚያገኘው ባልንጀራው ግን እነዚያን ወራት ባዶ እጁን ያሳልፋል። ከዚህ በላይ የነገ ገንዘብ ላይደርስ ይችላል፤ ከእቁቡ አስቀድሞ የወሰደ ሰው መጣሉን ሊያቆም ይችላልና። ዋስ የሚጠራውም ለዚሁ ነው። ወለድን በሃይማኖቱ የማይቀበል የወሎ ነጋዴም ቢሆን እጅ በእጅ የሚሸጥበትንና በዱቤ የሚሸጥበትን ዋጋ ለይቶ ያውቃል።

ስሌቱ እንግዲህ እንደሚከተለው ነው። ነጋዴው ገንዘቡን አዙሮ በወር ከመቶ 1.5 ሊያገኝ ይችላል እንበል። ዛሬ በእጁ ያለው 10,000 ብር ከአንድ ወር በኋላ 10,150፣ ከሁለት ወር በኋላ 10,302 ብር ይሆናል፤ በየወሩ በ1.015 ይባዛል ማለት ነው። መንገዱን ወደ ኋላ መመለስ ከተፈለገ በየወሩ በ1.015 ማካፈል ነው፤ ቅናሽ የሚባለውም ይኸው ነው። የውጭ አገር ገንዘብ በብር እንደሚመነዘር ሁሉ የከርሞውም ብር በዛሬው ብር ይመነዘራል፤ የምንዛሪው ምጣኔ ጊዜው ሲርቅ እየከፋ ይሄዳል።

በዚህ መሠረት የመጀመሪያው ዕለት የሚወሰደው 120,000 ብር ያው 120,000 ነው። ከ11 ወር በኋላ የሚወሰደው 120,000 ግን በመጀመሪያው ዕለት ሲመነዘር 101,872 ብር ብቻ ይሆናል። መዋጮውም መመንዘር አለበት፤ 12ቱ መዋጮዎች እያንዳንዳቸው ከሚከፈሉበት ወር ወደ መጀመሪያው ዕለት ተመልሰው ሲደመሩ 110,711 ብር ይሆናሉ። ስለሆነም የመጀመሪያው ባለዕጣ 9,289 ብር ያተረፈ ሲሆን የመጨረሻው 8,839 ብር አጥቷል። መካከሉ ስድስተኛውና ሰባተኛው ወር ላይ ነው፤ ስድስተኛው ጥቂት ያተርፋል፣ ሰባተኛው ጥቂት ይጎድልበታል። መዝገቡ እኩል ያላቸው ሰዎች በዚህ መልክ ተለያዩ።

ዕጣ የሚሸጥበት ጊዜም አለ። በመጀመሪያው ወር የደረሰው ሰው ገንዘቡን አሁን ካልፈለገው ለቸገረው አባል ይለቅለትና በምትኩ ጥቂት ብር ተቀብሎ በቀሪዎቹ ዕጣዎች ውስጥ ይገባል። ስንት ቢቀበል ይገባዋል? ከሁለተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ወር ባለው በማንኛውም ወር ሊደርሰው ስለሚችል የ11ዱ ወራት አማካይ ይወሰዳል፤ ይህም በዛሬ ዋጋ 109,867 ብር ነው። ከ120,000 ሲቀነስ ወደ 10,000 ብር ይቀራል። ከዚህ በታች የሸጠ ሰው፣ ገንዘቡን በወር 1.5 ማዞር የሚችል ከሆነ፣ ከስሯል። ጉዳዩን ከሌላው ወገን መመልከትም ይቻላል፤ በአንድ እቁብ ውስጥ ዕጣ በስንት ብር እንደሚሸጥ የሰማ ሰው፣ እነዚያ ነጋዴዎች ጊዜን በወር በስንት እንደሚያስከፍሉ ማስላት ይችላል። ባንክ ሳይገባበት የወጣ የቅናሽ ምጣኔ ነው።

ይኸው ስሌት የግንባታ ሥራ ተቋራጩን ቤት ሲያንኳኳ ቀልድ አይሆንም። አማካሪ መሐንዲሱ ያጸደቀው የክፍያ ሰርተፍኬት 12 ሚሊዮን ብር ነው፣ ክፍያው ግን 6 ወር ዘገየ እንበል። በዚያው በወር 1.5 ምጣኔ 12 ሚሊዮኑ መከፈል በነበረበት ቀን ሲመነዘር 10,974,000 ብር ያህል ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ጠፍቷል። ተቋራጩ በዋጋው ውስጥ ከመቶ 8 ትርፍ ይዞ ከነበረ፣ ትርፉ 960,000 ብር ነበር። ሥራው ሳይበላሽ፣ ሲሚንቶው ሳይባክን ትርፉ አልቋል። ከፋዩ በበኩሉ የተስማማበትን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ከፍያለሁ ይላል፤ እንደ እቁቡ ጸሐፊ መዝገብ እውነት ነው። ስለዚህ ለዘገየ ክፍያ ወለድ የሚሰጠው የውል አንቀጽ እንደ ቅጣት ሊታይ አይገባውም፤ የተስማሙበትን ዋጋ ባለበት የሚያቆይ ነውና። ምጣኔው ተቋራጩ ከባንክ ከሚበደርበት ያነሰ ከሆነ ግን ከፋዩ ማዘግየቱ ራሱ ርካሽ ብድር ይሆንለታል።

በዚህ ሥራ ላይ መሐንዲሶች በብዛት የሚሳሳቱት በአንድ ቦታ ነው። የወደፊቱን ገቢና ወጪ በዛሬ የገበያ ዋጋ ይገምቱና፣ የዋጋ ንረት የተጨመረበትን የባንክ ወለድ ወስደው ይቀንሱበታል። የብድር ወለዱ 18 ከመቶ፣ የዋጋ ንረቱ 14 ከመቶ ቢሆን፣ በዛሬ ዋጋ ለተገመተ ገንዘብ የሚገባው ምጣኔ 1.18ን ለ1.14 በማካፈል የሚገኘው 3.5 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። በ18 የቀነሰ ሰው ንረቱን አንድ ጊዜ ብቻ መቁጠር ሲገባው ሁለት ጊዜ ቆጥሮታል። ምልክቱም ቶሎ ይታያል፤ 40 ዓመት የሚያገለግል ድልድይና 10 ዓመት የሚያገለግል ድልድይ በስሌቱ አንድ ዓይነት ዋጋ ይዘው ከተገኙ፣ ምጣኔው መመርመር አለበት።

ኮምቦልቻ ላይ ትልቁ ምሳሌ ከከተማዋ አጠገብ ተዘርግቷል። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የባቡር መስመር ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ተቋራጩ የቱርክ ኩባንያ ያፒ መርኬዚ ሲሆን ወጪው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል አብዛኛው ሥራው ተጠናቆ ሳለ የኤሌክትሪክ ኃይል ሳይደርሰው ለዓመታት ቆየ። በዓመት 10 ከመቶ ምጣኔ ቢሰላ፣ ጥቅሙ 4 ዓመት የዘገየ ማንኛውም ሥራ ከእያንዳንዱ 100 ብር የታሰበ ጥቅም 68 ብር ብቻ ይቀረዋል፤ የግንባታው ወጪ ግን ሙሉውን ቀድሞ ወጥቷል። ሐዲዱ በውሉ ቀን ቢያልቅ እንኳ ይህ ኪሳራ አይቀርም፤ የሚያስቀረው የኃይል መስመሩ ሥራ ከሐዲዱ አስቀድሞ ተጀምሮ ሁለቱ በአንድ ወቅት እንዲደርሱ ማድረግ ነው።