ፈላጊዋ ልጅ፣ አንባቢዋ እናት

እህቶቻችን፣ ውጭ አገር ላሉ ወገኖቻችን በኢንተርኔት ልናወጣ ካሰብነው መረጃ ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንዱ ገጽ ብቻ ነው። እሱም አሜሪካ ላሉ እናቶች WIC የሚባለውን እርዳታ የሚያስረዳው ነው።

እርዳታው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ነፍሰ ጡሮችና አራሶች፣ አምስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆችም ምግብ ይሰጣል። ጊዜው ግን ይሄዳል። የምታጠባ እናት ለራሷ የምታገኘው ልጇ ዓመት እስኪሞላው ነው፤ የማታጠባዋ ደግሞ ከወለደች እስከ ስድስት ወር ብቻ። ዘግይታ የሰማች እናት የራሷ ድርሻ ያልፋታል።

ታዲያ ይህን መረጃ ማን ይፈልገዋል? ብዙ ጊዜ እናትየዋ አይደለችም። ታናሽ እህቷ ወይም እዚያ ያደገች የዘመድ ልጅ ናት፤ እሷም በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፈው። የምታነበው ግን እናት ናት፣ በአማርኛ። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ገጽ አጭር እናደርገዋለን፤ እርዳታው ለማን እንደሆነ ይነግርና ከላይ ወደ አማርኛው ያሻግራል፣ ልጅቷም ያንኑ ለእናት ትልክላታለች። ዝርዝሩ ሁሉ በአማርኛው ላይ ይሁን። ሁለቱን ቋንቋ በአንድ ገጽ አንቀጽ በአንቀጽ ማፈራረቅን አልወደድነውም፤ አንባቢን ያደክማል፣ መፈለጊያውም ገጹ በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ ይምታታበታል። የየራሳቸው አድራሻ ይኑራቸው፣ አንዱም ሌላውን ያመልክት።

በአማርኛ የምትፈልግም አለች። የእርዳታውን ስም የማታውቅ እናት «የህፃናት ወተት እርዳታ» ብላ ትጽፍ ይሆናል። እዚህ ላይ ፊደላችን ያስቸግራል። ሕፃን፣ ህፃን፣ ህጻን ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ መፈለጊያው ግን ሁልጊዜ አንድ አድርጎ ላያያቸው ይችላል። ርዕሱ ላይ ሰው በስልኩ አዘውትሮ የሚጽፈውን እንጠቀምና ሌላውን አጻጻፍ ከመጀመሪያዎቹ ዓረፍተ ነገሮች በአንዱ እናስገባለን። ሁሉንም ከግርጌ መደርደር ግን ማጭበርበር ስለሚመስል ገጹን ይጎዳዋል። የትኛው እንደሚዘወተር ለማወቅ ሦስት አራት እናቶች በየስልካቸው እንዲጽፉ ጠይቀን ማየት ይበቃል። WIC የሚለውን ስም አንተረጉመውም፤ ቢሮው በር ላይ የምታየው እሱን ነው።

ሰዓቱንም አትርሱ። ቢሮው 8:30 ይከፈታል ብለን ብቻ ብንተወው በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ የምትመጣ አትጠፋም። «ጠዋት በአሜሪካ 8:30፣ በእኛ 2 ሰዓት ተኩል» ብለን እንጻፍ። ሴፕቴምበርንም መስከረም አንበለው፤ ሴፕቴምበር 1 ሲሆን እኛ ገና ነሐሴ ላይ ነን። ቀጠሮ የያዘች እናት አሥር ቀን ዘግይታ ትደርሳለች።

ከገጹ አናት ላይ መረጃው የተጣራበት ቀን ይጻፋል። በየሦስት ወሩ ወደ ቢሮው የምትደውል አንዲት እህት ካልተገኘች ገጹን ባናወጣው እንመርጣለን።