የተጻፈ ሽሙጥ፦ ድምፅ በሌለበት ምን ይነበባል?



በኅዳር ወር ከመሐል ሜዳ እንዲህ የሚል አጭር መልእክት ደረሰን እንበል፦ «ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎናል።» ከተማዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗንና የመንዝን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ይስቃል፤ የማያውቅ ግን ጥላ ሥር እንዲቀመጡ ይመክራል። ሽሙጡ ያለው በቃሉ ውስጥ አይደለም፤ ቃሉ ጸሓፊውና አንባቢው በጋራ ከሚያውቁት ነገር በመራቁ ነው።

ጽሕፈታችን ለዚህ የሚሆን ምልክት አለው፤ ትእምርተ ሥላቅ (¡) ይባላል። ስፓኝኛ ዐረፍተ ነገር በሚከፍትበት የተገለበጠ ቃለ አጋኖ እኛ ሽሙጡን እንዘጋበታለን። ዳንኤል ያዕቆብና ባልደረቦቹ በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ስለሚስፋፋበት መንገድ ባቀረቡት ጽሑፍ አንሥተውታል። ሆኖም በዕለታዊ መልእክት ብዙ አይታይም፤ ምልክት የተደረገበት ሽሙጥም ግማሽ ጣዕሙን ያጣል ባይ ነኝ።

ምልክቱ ከሌለ ዐይን የሚያርፍበት ሌላ ነገር ግሡ ነው። ሁለት ጓደኛሞች አብረው የጻፉትን ጥናት አንደኛው ለሌላው ሳያሳይ አስገባ እንበል። ጓደኛው «ደግ አደረጉ፤ ለብቻዎ ጨረሱት» ብሎ ቢጽፍለት ጥርጥሩ ጥቂት ነው፤ አንተ ሲባባሉ የኖሩ እኩዮች በድንገት ወደ አንቱታ የሚሻገሩት ለአክብሮት አይደለምና። ሁሉንም ሰው አንቱ የሚል ሰው ከጻፈው ግን ምስክርነቱ ይወድቃል፤ የሚመዘነው ከራሱ ልማድ መውጣቱ ነው።

«ደግ አደረግህ፤ ለብቻህ ጨረስከው» ቢል ግን ከባዱ ይህ ነው። ሲነገር የድምፁ ቃና ይለየው ነበር፤ ሲጻፍ ምስጋናም ወቀሳም ይሆናል።

ብዙዎቻችን ወዲያው የምንመልሰው «ምን ማለትህ ነው?» ብለን ነው። በለሰለሰ ድምፅ ሲነገር ጥያቄ ነው፤ ተጽፎ ሲነበብ ግን የጠብ መክፈቻ ይመስላል። አንቱታን በአንቱታ መመለስም ሽሙጡን እርግጠኛ ሳንሆን ማጽደቅ ነው። እኔ የምመርጠው መልስ ይህን ይመስላል፦ «ቀኑ እንዳያልፍብን ብዬ ነው ያስገባሁት። ሳላሳይህ በመላኬ ቅር ብሎሃል?» መጀመሪያ የሆነውን ነገር ይናገራል፤ ቀጥሎ ሊኖር የሚችለውን ቅሬታ በስሙ ይጠራል፤ ጓደኛውን ግን «አሽሟጠጥክ» ብሎ አይከስም። አመስግኖ ከነበረ «ኧረ የለም» ብሎ ያልፋል፤ ቅር ብሎት ከነበረም ሽሙጡን ትቶ ቅሬታውን በግልጽ ለመናገር በር ተከፍቶለታል።

ይህ መልስ የሚሠራው ለብቻው ሲላክለት ነው። ሌሎች እያነበቡ ከተጠየቀ ማፈግፈጉ መሸነፍ ስለሚመስለው ቀልድ የነበረውን እንኳ የምሩን ያደርገዋል። ከመልሱ በኋላ ሁለተኛ አሽሙር ከመጣ ደግሞ በጽሑፍ መቀጠሉ አይረዳም፤ ያን ጊዜ ስልክ መደወል ነው።