የአሉታዊው ምልክት ትርጉም

የትኩረት ርቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሰብሳቢ ሌንስ ፊት ሻማ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት እናቁም። በ1/f = 1/u + 1/v ቀመር የምስሉ ርቀት v 30 ይሆናል፤ እጥፍ ያደገ፣ የተገለበጠ ምስልም ወረቀት ላይ ያርፋል። ሻማውን ወደ 6 ስናቀርበው ግን v −15 ይወጣል። ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ የተሳሳቱ መስሏቸው ስሌቱን ይሰርዛሉ፤ ስሌቱስ ትክክል ነው። አንዱን ጨረር በሌንሱ መካከል ቀጥ አድርገን፣ ሌላውን ከዋናው መስመር ጎን ለጎን አስኪደን በትኩረት ነጥቡ ብናሳልፍ፣ ከሌንሱ ወዲያ ይራራቃሉ እንጂ አይገናኙም። ወደ ኋላ ስናስረዝማቸው ከሻማው ጀርባ ይገናኛሉ። ስለዚህ ወረቀት ምስሉን አይዝም፤ በሌንሱ የሚመለከት ዐይን ግን 2.5 ጊዜ ያደገ፣ ያልተገለበጠ ሻማ ያያል። በበታኝ ሌንስ ፊት ሻማው የትም ቢቆም v አሉታዊ ነው፤ ምስሉም ሁልጊዜ ከሻማው ያንሳል።